«16 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ» ብሎ የሚዋሽ ስልክ፦ ቁጥሩ እንዴት ይጻፋል፣ እንዴትስ ይጋለጣል?

በቴሌግራም ቻናሎችና በአንዳንድ ሱቆች «ጋላክሲ ኤስ24 አልትራ፣ 16 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ» ተብሎ ከዋናው እጅግ ባነሰ ዋጋ የሚሸጥ ስልክ አለ። ገዢው ሲጠራጠር ሻጩ ሴቲንግ ይከፍትና About phone የሚለውን ገጽ ያሳየዋል። ሞዴሉም፣ ራሙም፣ ስቶሬጁም፣ የአንድሮይድ ስሪቱም ልክ እንደተባለው ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ጊዜ ክርክሩ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ ራሱ ከመሰከረ ሌላ ምን ይጠየቃል?

ችግሩ ግን ያ ገጽ ምስክር ለመሆን የማይበቃ መሆኑ ነው። About phone የሚታየው ሴቲንግ በሚባለው አፕ ውስጥ ነው፤ አፑን ደግሞ ስልኩ ላይ የጫነው ስልኩን የሠራው ሰው ነው። ቁጥሩ የተጻፈው በአጭበርባሪው እጅ ከሆነ ደጋግሞ ማንበቡ አይጠቅምም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስልኩ ስለ ራሱ የሚለውን ትቶ ስልኩ ሊያደርገው የሚችለውንና የማይችለውን ነገር ይከተላል። ለምሳሌ የምንወስደው ይህንኑ «ኤስ24 አልትራ» ነው። ዘዴው ግን ለሌሎች ሞዴሎችም ይሠራል።

አንዳንዴ ስልኩን መንካት እንኳ አያስፈልግም። ሳምሰንግ ኤስ24 አልትራን ያወጣው በ12 ጊጋ ራም ብቻ ነው፤ ስቶሬጁ 256 ጊጋ፣ 512 ጊጋ ወይም 1 ቴራ ነው። 16 ጊጋ ራም ያለው ኤስ24 አልትራ ተሠርቶ አያውቅም። ማስታወቂያው ራሱ የሌለ ዕቃ እየሸጠ ነው ማለት ነው። አጭበርባሪዎች ቁጥር ማብዛት ስለሚወዱ ይህ ስህተት በተደጋጋሚ ይታያል። ማንኛውንም ስልክ ለመግዛት ከመነሳትዎ በፊት የአምራቹን ድረ ገጽ ከፍተው ያ ሞዴል በዚያ የራምና የስቶሬጅ መጠን መሠራቱን ማየት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ውስጡ ያለው ምንድን ነው?

እንዲህ ያሉ ኮፒ ስልኮች ሲከፈቱ በብዛት የሚገኝባቸው ርካሽ ፕሮሰሰር ነው። አንዱ የታወቀው ሚዲያቴክ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው MT6580 ነው። ይህ ቺፕ አራት ደካማ ኮሮች ያሉት ባለ 32 ቢት ሲሆን ኔትወርኩም ከ3ጂ አያልፍም። ከላይ በኩል የሚታየው የ4ጂ ወይም የ5ጂ ምልክት ስክሪኑ ላይ የተሳለ ሥዕል ነው። ከቺፑ ጋር የሚገጠመው 1 ወይም 2 ጊጋ ራምና 8 ወይም 16 ጊጋ ስቶሬጅ ነው። ከ8 ጊጋው ውስጥ የስልኩ ሲስተም ግማሽ ያህሉን ይወስዳል፤ ለተጠቃሚው የሚተርፈው ሦስት ወይም አራት ጊጋ ነው። ስለዚህ «1 ቴራ» የተባለው ስልክ ጥቂት መቶ ፎቶና የአንድ ወር የዋትስአፕና የቴሌግራም ቪዲዮ ይሞላዋል።

ታዲያ ስክሪኑ ላይ 1 ቴራ የሚለው ከየት መጣ? ማጭበርበሩ በሦስት ደረጃ ይሠራል፤ ስልኩ በየትኛው ደረጃ እንደተነካካ ማወቅ የትኛው ምርመራ እንደሚያጋልጠው ለመረዳት ይጠቅማል።

በመጀመሪያው ደረጃ የሚቀየረው ጽሑፍ ብቻ ነው። አንድሮይድ የስልኩን ስምና ሞዴል build.prop በሚባል ፋይል ውስጥ ይይዛል። እዚያ ላይ የሞዴሉ መስመር SM-S928B ተብሎ ሲጻፍ፣ ስልኩን ስሙን የሚጠይቅ አፕ ሁሉ ያንን ይሰማል። የራሙና የስቶሬጁ ቁጥር ደግሞ ሴቲንግ አፕ ውስጥ በቀጥታ ይጻፋል። ይህ ርካሹ ሥራ ነው፤ ፕሮሰሰርና ራም የሚያሳይ አንድ አፕ ከፕሌይ ስቶር ቢያወርዱ እውነተኛው ቁጥር ወዲያው ይወጣል።

አጭበርባሪዎቹም ይህን ያውቃሉ። ሁለተኛው ደረጃ የመጣው ለዚህ ነው። አፖች ራሙንና ስቶሬጁን ለማወቅ የሚጠይቁት የአንድሮይድን የውስጥ አገልግሎት ነው። ያ አገልግሎት ተቀይሮ እውነተኛውን ቁጥር አባዝቶ እንዲመልስ ከተደረገ፣ CPU-Z ን የመሰለ መልካም አፕ እንኳ የተነገረውን ይደግማል። «አፕ አውርጄ አይቻለሁ፣ ትክክል ነው» የሚለው ማረጋገጫ ዛሬ ብዙ የማያስተማምነው ለዚህ ነው። ሦስተኛው ደረጃ የሲስተሙ እምብርት ወደሆነው ከርነል ወርዶ /proc/meminfo የሚባለውን የራም መዝገብ መቀየር ነው። ይህ የበለጠ ሙያ ስለሚጠይቅ ከሁለቱ ያነሰ ነው፤ ሆኖም አለ።

ከሦስቱ አንዳቸውም ግን የሌለ ቺፕ ላይ ዳታ ማስቀመጥ አይችሉም። ለተጠቃሚ የተረፈው 4 ጊጋ ከሆነ አምስተኛው ጊጋ የሚገባበት ቦታ የለም። የምርመራው ሁሉ መሠረት ይህ ነው።

ያለ ኮምፒውተር፣ ሱቅ ውስጥ

በእጅዎ ላይ ካሉት ምርመራዎች ፈጣኑ ስክሪንሾት ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም እሱን ነው። ስክሪንሾት አንሥተው ጋለሪ ውስጥ ይክፈቱትና ዝርዝሩን ይመልከቱ። ምስሉ ስንት በስንት ፒክሰል እንደሆነ ይጻፋል። ስክሪንሾት የሚነሣው ስክሪኑ በእርግጥ ከሚሳልበት ፒክሰል ስለሆነ፣ ሴቲንግ ላይ የውሸት ቁጥር የጻፈው ሰው ብዙ ጊዜ ይህን አይነካውም። የእውነተኛው ኤስ24 አልትራ ስክሪን 3120 በ1440 ነው። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሳምሰንግ ስልኩን ከፋብሪካ ሲያወጣው በ2340 በ1080 ላይ አድርጎ ነው፣ ተጠቃሚው ወደ 1560 በ720 ዝቅ ሊያደርገውም ይችላል። ስለዚህ ትንሽ ቁጥር ስላዩ ብቻ አይፍረዱ። Display ውስጥ Screen resolution የሚለውን ከፍተው ወደ ትልቁ ያድርጉትና እንደገና ስክሪንሾት ያንሡ። እውነተኛው 3120 በ1440 ይሆናል። ኮፒው ላይ ምርጫው ወይ ጨርሶ የለም፣ ወይ ተነክቶም ምስሉ ያው ይሆናል።

ሁለተኛው የአንድሮይድ ስሪቱን የሚመለከት ነው። About phone ውስጥ Software information ይክፈቱና Android version የሚለውን መስመር በፍጥነት ደጋግመው ይንኩት። እያንዳንዱ የአንድሮይድ ስሪት የተደበቀ የራሱ ሥዕል አለው። አንድሮይድ 14 የጠፈር ጉዞ የሚያሳይ ክብ አርማ ያወጣል። ጽሑፉ 14 እያለ ማርሽማሎው የሚመስል ነገር ከወጣ ስልኩ አንድሮይድ 6 ነው፤ ስምንት እግር ያለው የባሕር እንስሳ ከወጣ አንድሮይድ 8 ነው። ቁጥሩን መቀየር የአንድ መስመር ሥራ ሲሆን ሥዕሉን መቀየር ግን ሌላ ልፋት ስለሆነ ብዙዎቹ ይረሱታል። ምንም ካልወጣም ጥርጣሬውን ያጠነክራል።

ሦስተኛው ብዕሩ ነው። የኤስ24 አልትራ ብዕር ስክሪኑን ሳይነካ፣ ከላዩ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ሲጠጋ ስልኩ ያውቀዋል፤ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ነጥብ ይታያል። ይህን የሚሠራው ከስክሪኑ ሥር ያለ ለብዕሩ ብቻ የተሠራ ሌላ ንብርብር ነው። ያ ንብርብር በርካሽ ስልክ ላይ አይገጠምም። የኮፒው ብዕር እንደ ጣት ካልነካ አይሠራም።

የመደወያ ኮዶችም አሉ። ሳምሰንግ ላይ *#0*# ሲጻፍ የስክሪን፣ የስፒከርና የሴንሰር መፈተሻ ገጽ ይከፈታል። በአሜሪካ አንዳንድ የቴሌኮም ድርጅቶች ስም የተሸጡ እውነተኛ ስልኮች ላይ ሊዘጋ ስለሚችል፣ ዘመድ ከአሜሪካ በላከው ስልክ ላይ አለመከፈቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። በተቃራኒው *#*#3646633#*#* የሚዲያቴክ ፕሮሰሰር ላይ EngineerMode የሚባለውን ገጽ የሚከፍት ኮድ ነው። ኤስ24 አልትራ በየትኛውም አገር ሲሸጥ ስናፕድራገን ነው። ያ ገጽ ከተከፈተ ነገሩ አልቋል።

ብዙ ሰው የሚተማመንበት የአይኤምኢአይ ቁጥር ግን ከሚባለው ያነሰ ዋጋ አለው። *#06# ሲደወል የሚወጣው 15 አሃዝ መጀመሪያ ያሉት ስምንቱ የስልኩን ሞዴል ይናገራሉ። ቁጥሩ የሌላ ሞዴል ሆኖ ከተገኘ ስልኩ ፌክ መሆኑ ይታወቃል። ትክክለኛ ሞዴል ሆኖ መገኘቱ ግን ምንም አያረጋግጥም። አጭበርባሪው ከእውነተኛ ስልክ ካርቶን ላይ ቁጥሩን ገልብጦ መጫን ይችላልና። ይህ ምርመራ ለመጣል እንጂ ለመቀበል አይሆንም።

የመሙላት ምርመራ

ከሁሉም የማያወላዳው ስቶሬጁን በእውነተኛ ዳታ መሙላት ነው። ወደ ሱቅ ሲሄዱ በቀጥታ ስልኩ ላይ የሚሰካ ኦቲጂ ፍላሽ ይያዙ፤ ፍላሹ ላይ 1 ጊጋ ገደማ የሚሆን አንድ ቪዲዮ ይኑር። ቪዲዮውን ወደ ስልኩ የውስጥ ስቶሬጅ ይገልብጡት፤ ሚሞሪ ካርድ ገብቶ ከሆነ መጀመሪያ ያውጡት፣ አለበለዚያ የሚፈትኑት ካርዱን ይሆናል። ከዚያ ፋይሉን በአንድ ፎልደር ውስጥ ያስገቡና ፎልደሩን በዚያው ስልክ ላይ ይገልብጡት፤ ሁለት ይሆናሉ። ሁለቱን ሲገለብጡ አራት፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ 16፣ ከዚያ 32 ይሆናሉ። በአምስት ጊዜ መገልበጥ 32 ጊጋ ይደርሳሉ።

በምሳሌያችን ስልክ ላይ የሚሆነው ይህ ነው። 8 ጊጋ ስቶሬጅ ካለውና 3 ጊጋ ገደማ ክፍት ከሆነ፣ ሁለቱን ወደ አራት ለማድረግ ሲሞክሩ መገልበጡ መሃል ላይ ይቆማል፤ ስልኩ ቦታ እንደሌለ ይናገራል። በዚያው ሰዓት ሴቲንግ ከከፈቱ ከ900 ጊጋ በላይ ክፍት እንዳለ ይነግርዎታል። እነዚህ ሁለቱ አብረው መታየታቸው ፎቶ ሊነሣ የሚገባው ማስረጃ ነው። 16 ጊጋ ያለው ከሆነ ስምንቱን ወደ 16 ሲያሳድጉ ይቆማል። ውስጡ በእውነት 32 ጊጋ ሆኖ 256 ጊጋ የተባለ ደግሞ 32ኛው ሳይደርስ ይወድቃል።

መገልበጡ ቢሳካም የመጨረሻውን ቪዲዮ ከፍተው መሃሉንና መጨረሻውን ያጫውቱ። ፋይሉ ስሙ እያለ ውስጡ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ አለና። በተለይ «ስጦታ» ተብሎ አብሮ የሚሰጠው ባለ 128 ወይም ባለ 256 ጊጋ ሚሞሪ ካርድ ላይ ይህ የተለመደ ነው። የካርዱ ውስጣዊ መቆጣጠሪያ የውሸት መጠን እንዲናገር ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ቦታው ሲያልቅ ስህተት አይናገርም፤ አዲሱን ፋይል በአሮጌው ላይ እየጻፈ ይቀጥላል፣ ወይም ዳታውን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ፎቶዎቹ በዝርዝር ይታያሉ፣ ሲከፈቱ ግን ግማሻቸው ግራጫ ነው። ካርዱን ለብቻው በኮምፒውተር ለመፈተን በዊንዶውስ h2testw፣ በሊኑክስ ደግሞ f3write እና f3read የሚባሉት ፕሮግራሞች ካርዱን ሙሉ በሙሉ ይሞሉትና መልሰው እያነበቡ ያነጻጽራሉ።

የመሙላቱ ምርመራ በርካሽ ስልክ ላይ 10 ወይም 15 ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። እውነተኛ ኤስ24 አልትራ ላይ ደግሞ በስልኩ ውስጥ የሚደረገው መገልበጥ በጣም ፈጣን ነው። ፍጥነቱ ራሱ መረጃ ነው፤ 1 ጊጋ በውስጡ ለመገልበጥ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚፈጅ ስልክ የዋና ደረጃ ስቶሬጅ የለውም። ሻጩ ጊዜ የለኝም ካለ ቢያንስ እስከ ስምንተኛው ፋይል ድረስ እንዲፈቅድ ይጠይቁት። ሲጨርሱ ፎልደሩን ወዲያው ማጥፋት ነው።

በኮምፒውተር

ላፕቶፕ ካለ ነገሩ የበለጠ ይጠራል። ጎግል በነጻ የሚሰጠውን platform-tools ያውርዱ። ስልኩ ላይ Build number የሚለውን ሰባት ጊዜ ሲነኩ Developer options ይከፈታል፤ እዚያ ውስጥ USB debugging ን ያብሩና በኬብል ያገናኙት። ስልኩ ፈቃድ ሲጠይቅ ይፍቀዱ። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ በ platform-tools ፎልደር ውስጥ Command Prompt ከፍተው እነዚህን አንድ በአንድ ይጻፉ፦

```
adb shell getprop ro.board.platform
adb shell getprop ro.product.cpu.abilist
adb shell getprop ro.build.version.sdk
adb shell getprop dalvik.vm.heapsize
adb shell wm size
adb shell df /data
adb shell cat /proc/meminfo
```

የመጀመሪያው የፕሮሰሰሩን መለያ ይናገራል። በእውነተኛው ኤስ24 አልትራ ላይ pineapple ይላል፤ ይህ ስናፕድራገን 8 ጄን 3 የሚጠራበት የውስጥ ስም ነው። በምሳሌያችን ላይ mt6580 ይላል። ስሙን የቀየረው ሰው ይህን መስመር ሊቀይር ይፈራል፤ ስልኩ ሲነሣ ትክክለኛዎቹን ሾፌሮች የሚያገኘው በዚህ ስም ስለሆነ ከተነካ ላይነሣ ይችላል።

ሁለተኛው ስልኩ 32 ቢት ወይም 64 ቢት መሆኑን ያሳያል። arm64-v8a የሚል ከሌለና armeabi-v7a ብቻ ካለ አንድሮይዱ 32 ቢት ነው። አንዳንድ እውነተኛ ርካሽ ስልኮችም 32 ቢት አንድሮይድ ይጫንባቸዋል፤ እነዚያ ግን አነስተኛ ራም ያላቸው ናቸው። 16 ጊጋ ራም ያለው ባለ 32 ቢት ስልክ ገበያ ላይ የለም።

ሦስተኛው ለአንድሮይድ 14 ቁጥሩ 34 ነው፤ ኤስ24 አልትራ ሲወጣ በእሱ ስለነበር ከ34 በታች ሊሆን አይችልም። 23 ከወጣ አንድሮይድ 6፣ 27 ከወጣ አንድሮይድ 8.1 ነው። አፖች በየትኛው ስሪት ላይ እንደሚሠሩ የሚወስኑት በዚህ ቁጥር ስለሆነ፣ ከፍ ተደርጎ ከተጻፈ አፖቹ እየተዘጉ ያስቸግራሉ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እውነቱ እንዳለ ይተዋል።

አራተኛው የምወደው ነው፤ ማንም አይመለከተውምና። አንድሮይድ ለአንድ አፕ እስከ ስንት ራም እንደሚፈቅድ የሚናገር ነው፤ ፋብሪካው በእውነተኛው ራም ልክ ያስቀምጠዋል። ትልቅ ራም ባላቸው ስልኮች 512m ይላል። 128m ወይም 256m ካለ ስልኩ የተሠራው ለ1 ጊጋ ራም ገደማ ነው። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ደግሞ አነስተኛ ራም ያለውን ስልክ ይበልጥ ስለሚያደነቃቅፈው አጭበርባሪው ለራሱ ሲል አይነካውም።

አምስተኛው፣ wm size፣ በስክሪንሾቱ የፈተንነውን የስክሪኑን ፒክሰል ያሳያል። በ df የሚወጣው ቁጥር በኪሎባይት ነው። 1 ቴራ ያለው ስልክ ላይ ጠቅላላው ከ900 ሚሊዮን በላይ መሆን አለበት። የምሳሌያችን ስልክ አራት ወይም አምስት ሚሊዮን ይላል። meminfo ላይ ደግሞ MemTotal የሚለውን መስመር ይመልከቱ። 12 ጊጋ ሙሉ ቢሆን 12,582,912 ኪሎባይት ነበር፤ ነገር ግን ከርነሉና የግራፊክስ ክፍሉ አስቀድመው የራሳቸውን ስለሚወስዱ በእውነተኛ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ከዚያ ያንሳል፤ 11 ሚሊዮን አካባቢ ይሆናል። 1 ጊጋ ያለው ስልክ 1 ሚሊዮን አካባቢ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለ፤ ቁጥሩ ልክ 16,777,216 ሆኖ፣ ማለትም ልክ 16 ጊጋ ሆኖ ከወጣ እጅ ገብቶበታል። እውነተኛ ስልክ ሙሉ ቁጥር አይሰጥም። ስቶሬጅም እንዲሁ ነው፦ አምራቾች ጊጋን በአንድ ቢሊዮን ባይት፣ ኮምፒውተር ደግሞ በ1,073,741,824 ባይት ስለሚቆጥሩ፣ 256 ጊጋ ሲባል በኮምፒውተሩ አቆጣጠር 238 ገደማ፣ 1 ቴራ ደግሞ 931 ገደማ ነው። ይህ ልዩነት ሻጩ የቀነሰብዎ አይደለም።

ፌክ ያልሆነ፣ ግን የተጋነነ ራም

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ጉዳይ አለ። እውነተኛ የቴክኖ፣ የአይቴል፣ የኢንፊኒክስና የሳምሰንግ ስልኮች የስቶሬጃቸውን ክፍል እንደ ራም የሚጠቀሙበት አሠራር አላቸው፤ ሳምሰንግ RAM Plus፣ ቴክኖ MemFusion ይለዋል። 4 ጊጋ ራም ያለው ስልክ 4 ጊጋ ከስቶሬጁ ይበደርና ካርቶኑ ላይ 8GB ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፤ 4+4 የሚለው ከሥሩ በትንሹ ይሆናል። ስልኩ ኦሪጅናል ነው፤ አሠራሩም ለረጅም ጊዜ ያልተነኩ አፖችን ወደ ስቶሬጅ በማውጣት በተወሰነ መልኩ ይረዳል። ነገር ግን ስቶሬጅ ከራም እጅግ ይዘገያል፤ 4+4 ያለው ስልክ እንደ እውነተኛ 8 ጊጋ አይሠራም። በዚያ ላይ 64 ጊጋ ካለው ስልክ 4ቱን ይወስድብዎታል። ሻጩ «8 ራም» ብሎ የ8 ጊጋ ዋጋ ሲጠይቅ መጠየቅ ያለበት የመደመር ምልክቱ የት እንዳለ ነው። meminfo ላይ MemTotal እውነተኛውን ራም ብቻ ያሳያል፤ የተበደረው በ SwapTotal ውስጥ ይገባል። SwapTotal ላይ ቁጥር ስላለ ብቻ ግን ተታለልኩ አይበሉ፤ አንድሮይድ ራሙን ጨምቆ ለመጠቀምም ይህንኑ መስመር ይሞላዋል።

ከገዙት በኋላ ከታወቀ

የጎደለው ራም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የገንዘብ ይሆን ነበር። ዶክተር ዌብ የተባለው የፀረ ቫይረስ ድርጅት እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2022 የታወቁ ሞዴሎችን ስም አስመስለው የተሠሩ አራት ስልኮችን መርምሮ፣ አንድሮይድ 10 እያሉ በእውነት 4.4.2 እንደሆኑና በሲስተሙ ውስጥ ዋትስአፕን ዒላማ ያደረገ ተንኮል አዘል ኮድ እንዳለባቸው አሳውቋል። ሌላው የፀረ ቫይረስ ድርጅት ካስፐርስኪም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ትሪያዳ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በኮፒ ስልኮች ላይ ከመሸጣቸው በፊት ተጭኖ መገኘቱን፣ አብዛኛዎቹ ተጎጂዎች ሩሲያ ውስጥ እንደሆኑ ገልጿል። ኤስኤምኤስ ማንበብ የሚችል ፕሮግራም የማረጋገጫ ኮድንም ያነባል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ስልክ ላይ ቴሌብርም ሆነ የባንክ አፕ አይጫን፤ ተጭኖ ከነበረ ከሌላ ንጹሕ ስልክ ገብተው የይለፍ ቁጥሮቹን ይቀይሩ፣ የቴሌግራምና የዋትስአፕ አካውንቶችንም ከዚህ ስልክ ያስወጡ።

ስልኩን ሪሴት ማድረግ ይህን አያጠፋውም። ሪሴት የሚያጸዳው የተጠቃሚውን ክፍል ነው፤ ኮዱ ያለው ሲስተሙ ውስጥ ነው። «የኦሪጅናል ሳምሰንግ ሶፍትዌር ልጫንልህ» የሚል ሞባይል ሠሪ ካለ አይስማሙ። ቺፑ ሌላ ስለሆነ ሶፍትዌሩ አይነሣም፤ ስልኩ እስከ መጨረሻው ሊሞት ይችላል። ፎቶዎች ካሉበት ቦታው ሳይሞላ በኬብል ወደ ኮምፒውተር ይቅዱ። ቦታው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ ስልኩ በርቶ መግባት እያቃተው ደጋግሞ መነሣት ሊጀምር ይችላልና፣ ያኔ ፎቶዎቹን ማውጣት ከባድ ነው።

ገንዘብዎን ለማስመለስ ወደ ሻጩ ከመሄድዎ በፊት ሦስት ነገር በሌላ ስልክ በቪዲዮ ይቅረጹ፦ ሴቲንግ ላይ ያለውን የስቶሬጅ መጠን፣ ወዲያው ተከትሎ መገልበጡ ቦታ የለም ብሎ የሚቆምበትን፣ ከዚያም *#06# ላይ ያለውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር። ሦስቱ ሳይቋረጡ በአንድ ቪዲዮ ይሁኑ፤ ስልኩ ያው ስልክ መሆኑን ሻጩ እንዳይክድ የሚያደርገው ያ ነው።